ቃሉ ይተርጎም፣ ኮዱ አይነካ

ከውጭ የገባ ወፍጮ፣ የውሃ ፓምፕ ወይም የብሎኬት ማሽን ያለው ሰው የመቆጣጠሪያ ሣጥኑን በር ቢከፍት፣ ብዙውን ጊዜ ከበሩ ጀርባ በፕላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ያገኛል። የማሽኑ የኤሌክትሪክ ዲያግራም ነው። ማሽኑ እየሠራ ሳለ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሞተሩ አልነሳም ያለ ቀን ግን ኤሌክትሪሺያኑ ቀድሞ የሚፈልገው ይህንኑ ወረቀት ነው። በላዩ ያለው ጽሑፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቻይንኛ፣ አንዳንዴም ጀርመንኛ ወይም ጣሊያንኛ ይሆናል።

መፍትሔው ዛሬ ቀላል ይመስላል። ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስቶ በስልኩ መተርጎሚያ ማየት፣ ወይም ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው በቴሌግራም መላክ ነው። ትርጉሙ ቶሎ ይመጣል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ዲያግራም ላይ የተጻፈው ሁሉ የሚተረጎም አይደለም። ከፊሉ ቃል ነው፣ ከፊሉ አድራሻ ነው፣ ከፊሉ ልኬት ነው። ሦስቱን ሳይለይ የተረጎመ ሰው፣ ላዩ አማርኛ የሆነ ግን ከማሽኑ ጋር የማይገናኝ ወረቀት ይሰጣል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። 15 ኪሎዋት ሞተር ያለው ወፍጮ በስታር ዴልታ ይነሳል እንበል። እንዲህ ያለ ሞተር በቀጥታ ከመስመር ጋር ቢገናኝ፣ በሚነሳበት ቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኮረንት ይስባል፤ የመንደሩን መብራት ያደበዝዛል። ስለዚህ መጀመሪያ የሞተሩ ጥቅል ሽቦዎች በስታር ይገናኛሉ። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ጥቅል የሚያገኘው 380 ሳይሆን 220 ቮልት ገደማ ነው፤ ከመስመር የሚሳበው ኮረንትም በዴልታ ቢነሳ ኖሮ ከሚስበው ሲሶው ብቻ ይሆናል። ሞተሩ ፍጥነት ከያዘ በኋላ ታይመሩ ወደ ዴልታ ያዞረዋል። ይህን ሥራ የሚሠሩት ሦስት ኮንታክተሮች ናቸው፤ አንዱ ዋናው፣ አንዱ የስታር፣ አንዱ የዴልታ። የስታሩና የዴልታው በምንም ምክንያት አንድ ላይ መግባት የለባቸውም። ከገቡ ሦስቱ ፌዞች እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ ይህ ደግሞ ሾርት ነው።

ሦስት ክምር

የዚህ ወፍጮ ዲያግራም በቻይንኛ ተጽፎ ቢመጣ፣ የተርጓሚው የመጀመሪያ ሥራ መተርጎም ሳይሆን መለየት ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ በሦስት ክምር ይከፍለዋል።

አንደኛው ክምር ቃላት ናቸው፤ የዲያግራሙ ርዕስ፣ «ማስነሻ»፣ «ማቆሚያ»፣ «የሥራ መብራት»፣ ከታች ያለው ማሳሰቢያ። የሚተረጎመው ይህ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ክምር ኮዶች ናቸው። KM1፣ KM2፣ KM3፣ KT፣ FR፣ SB1 የሚሉት የዕቃዎቹ መለያ ናቸው። A1፣ A2፣ 13፣ 14፣ 95፣ 96 የሚሉት ሽቦ የሚታሰርባቸው ተርሚናሎች ናቸው። U1፣ V1፣ W1 የሞተሩ ጫፎች ናቸው። መስመሮቹ ላይ ለብቻቸው የተጻፉት ትናንሽ ቁጥሮች የሽቦ ቁጥሮች ናቸው፤ ሣጥኑ ውስጥ በየሽቦው ጫፍ በተሰካችው ቀለበት ላይ ያው ቁጥር አለ። ከእነዚህ አንዱም አይነካም።

ሦስተኛው ክምር ልኬትና ሞዴል ነው፤ 15 kW፣ 380 V፣ 2,5 mm²፣ የኮንታክተሩ የፋብሪካ ቁጥር። ይህም እንዳለ ይቀመጣል። በጀርመንና በጣሊያን ወረቀቶች 2,5 ማለት ሁለት ነጥብ አምስት ነው፤ ነጠላ ሰረዙ የነጥብ ቦታ የያዘ ነው። በደበዘዘ ፎቶ ላይ ሰረዙ ከጠፋ 25 ሆኖ ይነበባል፤ ትእዛዙም በአሥር እጥፍ የወፈረ ሽቦ ይሆናል።

ኮዱን ለምን አንተረጉመውም? ፊደሉ ስለተቀደሰ አይደለም። ኮዱ ወረቀቱን ከሣጥኑ ጋር የሚያገናኝ ብቸኛ ገመድ ስለሆነ ነው። ኮንታክተሩ ግንባር ላይ KM2 የሚል ስቲከር ተለጥፏል። ወረቀቱ ላይ «ኬኤም2» ወይም «ዴልታ 2» ተብሎ ቢጻፍ፣ ኤሌክትሪሺያኑ ሣጥኑ ውስጥ የሚፈልገውን አያገኝም። ዲያግራሙ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ከሆነማ ችግሩ ይብሳል፤ የኮንታክተሩ ኮይል በአንድ ገጽ፣ ኮንታክቶቹ በሌላ ገጽ ይሳላሉ። ሁለቱ የአንድ ዕቃ ክፍሎች መሆናቸውን የሚያሳየው ያው ኮድ ብቻ ነው።

ኮዱን በሌላ አገር ኮድ መተካትም ያው ጥፋት ነው። ቻይናዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ደረጃ መሠረት ኮንታክተርን KM፣ ኦቨርሎድን FR፣ ፊውዝን FU፣ በተንን SB እያሉ ይጽፋሉ። በድሮው የጀርመን ልማድ ኮንታክተር K፣ ፊውዝም ኦቨርሎድም F ነው፤ በአዲሱ ዓለም አቀፍ አጻጻፍ ደግሞ ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ኮንታክተር Q ሆኗል። አሜሪካኖች ኦቨርሎድን OL ይሉታል። አንዱን የለመደ ባለሙያ ሌላውን «ላስተካክለው» ይላል። ወረቀቱን ያስተካክለዋል፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ስቲከር ግን እንደነበረ ነው።

ምልክትም የራሱ አገር አለው

የምልክቶቹ ነገር ትንሽ ይለያል። በእኛ አገር የምናያቸው ዲያግራሞች አብዛኞቹ የዓለም አቀፉን የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ምልክቶች ይጠቀማሉ። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1906 ለንደን ውስጥ የተቋቋመ ሲሆን፣ የሚታወቀው IEC በሚለው ምህጻር ነው። የአሜሪካ ማሽን ግን በሌላ ሥርዓት ተስሎ ሊመጣ ይችላል። ትይዩ የቆሙ ሁለት አጫጭር መስመሮች በአሜሪካ የመቆጣጠሪያ ዲያግራም ላይ ኮንታክት ናቸው፤ በIEC ወረቀት ላይ ግን ካፓሲተር ናቸው። ስለዚህ ተርጓሚ ምልክትን አይስልም፣ አይለውጥም። ከሕዳጉ ላይ «ምልክቶቹ በአሜሪካ ሥርዓት ናቸው» ብሎ መጻፍ ይበቃዋል።

ነጥብም ምልክት ነው። ሁለት መስመሮች ተሻግረው መገናኛቸው ላይ ጥቁር ነጥብ ካለ ሽቦዎቹ ተያይዘዋል፤ ነጥብ ከሌለ አንዱ በሌላው ላይ አልፎ ሄዷል። የስልክ መተርጎሚያዎች የሚያደርሱት ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ጽሑፍ በባለ ቀለም ቁራጭ ሸፍነው ትርጉሙን በላዩ ይጽፋሉ። አማርኛው ከቻይንኛው ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚይዝ ቁራጩ ወደ ጎን ይሰፋል፤ አጠገቡ ያለውን ነጥብ ወይም የሽቦ ቁጥር ይሸፍናል። ምስሉ ንጹሕና የተሟላ ይመስላል፤ አንድ ግንኙነት ግን ጠፍቷል።

«ክፍት» ማለት ምን ማለት ነው?

ቃላቱን ወደ መተርጎም ስንመጣ፣ ለአማርኛ ተርጓሚ ከሁሉም የሚከፋው ወጥመድ «ክፍት» እና «ዝግ» ነው። በቤታችን ሬዲዮ ክፈት ስንል አሠራው፣ ዝጋ ስንል አጥፋው ማለታችን ነው። በኤሌክትሪክ ዲያግራም ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ክፍት ኮንታክት ኮረንት የማያሳልፍ፣ የተቆረጠ ነው፤ ዝግ ኮንታክት ደግሞ የተገናኘ፣ የሚያሳልፍ ነው። ዲያግራሙ ላይ «ክፍት ኮንታክት» ተብሎ የተጻፈውን ልምድ የሌለው ሰው «የሚሠራው» ብሎ ቢያነበው አይፈረድበትም።

ጀርመንኛው ሌላ መታጠፊያ ይጨምርበታል። በጀርመን ወረቀት ላይ «ኦፍነር» የሚባለው ኮንታክት ቃል በቃል «ከፋች» ማለት ነው። ስሙን ያገኘው ኮንታክተሩ ሲሠራ ከሚያደርገው ነገር ነው፤ ስለዚህ ሳይሠራ ዝግ ነው ማለት ነው። «ሽሊሰር» ማለትም «ዘጊ» የሚባለው ደግሞ ሳይሠራ ክፍት ነው። ከፋችን «ክፍት»፣ ዘጊን «ዝግ» ብሎ የተረጎመ ሰው ሁለቱንም ገልብጧቸዋል።

ከዚህ ለመውጣት የሚሻለው መንገድ ባለሙያዎቻችን ሁሉ የሚያውቋቸውን NO እና NC የሚሉ ምህጻሮች እንዳሉ ትቶ፣ በማብራሪያው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ መፍታት ነው፤ NO ማለት ኮንታክተሩ ሳይሠራ የተቆረጠ፣ ሲሠራ የሚገናኝ፤ NC ማለት ሳይሠራ የተገናኘ፣ ሲሠራ የሚቆረጥ። ዲያግራም የሚሳለው መብራት በሌለበት፣ ምንም በተን ባልተነካበት ሁኔታ መሆኑንም እዚያው መጻፍ ይጠቅማል። NO የሚለውን በስልክ መተርጎሚያ ያሳለፈ ሰው «አይ» የሚል መልስ ሊያገኝ እንደሚችልም አይርሳ።

ለዕቃዎቹ ስም የሚመረጠው የወርክሾፕ ቃል ነው። ኮንታክተር፣ ብሬከር፣ ፊውዝ፣ ታይመር፣ ኦቨርሎድ፣ ኮይል እየተባለ ነው የሚሠራው፤ መርካቶ ሄዶ የሚገዛውም በዚሁ ስም ነው። ከመዝገበ ቃላት የተፈለገ አዲስ ስም ወረቀቱን ሊያሳምረው ይችላል፤ የሚያነበው ሰው ግን ተመልሶ ምን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም።

የሽቦ ቀለም ምህጻሮችም ከኮድ ወገን ናቸው። ቶዮታ ላይ የሠራ የመኪና ኤሌክትሪሺያን G ሲያይ አረንጓዴ፣ L ሲያይ ሰማያዊ ይላል። በጣሊያን የመኪና ወረቀት ላይ ግን G ቢጫ ነው፤ አረንጓዴው V ነው። በጀርመኑ ደግሞ gr ግራጫ፣ gn አረንጓዴ፣ ge ቢጫ ነው። ስለዚህ ምህጻሩ በቦታው ይቀመጥና፣ የዚያ ወረቀት የቀለም መፍቻ ከጎኑ ይጻፋል። መፍቻውም የሚወሰደው ከራሱ ከወረቀቱ ነው፤ ከሌላ ማሽን ወረቀት አይዋስም።

ፎቶው እና ትርጉሙ የሚሰፍርበት ቦታ

ብዙው ስህተት የሚወለደው ከፎቶው ነው። ፕላስቲኩ ያብለጨልጫል፣ ሣጥኑ ጨለማ ነው፣ ስልኩ በጎን ተይዟል። ከተቻለ ወረቀቱን ከፕላስቲኩ አውጥቶ መስኮት አጠገብ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ማንጠፍ፣ ፍላሹን ማጥፋት፣ ስልኩን ከወረቀቱ ትክክል በላይ መያዝ ነው። መጀመሪያ ሙሉው ወረቀት በአንድ ፎቶ ይነሳል፤ ቀጥሎ በአራት ተከፍሎ፣ የአንዱ ጠርዝ የሌላውን እየደረበ ይነሳል። በቴሌግራም ሲላክም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ስለሚጨመቅ ትናንሽ ቁጥሮች ይደበዝዛሉ። በመጨረሻም የሣጥኑ ውስጥ ራሱ ይነሳ፤ የማይነበብ ኮድ ሲያጋጥም ስቲከሩ ላይ ያለው ይፈርዳል። ሣጥኑ የሚከፈተው ግን መብራቱን በሚያጠፋና በሚያውቅ ሰው ነው።

ትርጉሙ ራሱ ፎቶው ላይ ባይጻፍ ይመረጣል። ፎቶው እንዳለ ይታተማል፤ ባዶ በሆነው ጠርዝ ላይ ወይም በሁለተኛ ወረቀት ላይ መፍቻ ይዘጋጃል። ለወፍጯችን መፍቻው ይህን ይመስላል፦

```
SB1   ማቆሚያ በተን
SB2   ማስነሻ በተን
KM1   ዋና ኮንታክተር
KM2   የዴልታ ኮንታክተር
KM3   የስታር ኮንታክተር
KT    ታይመር፣ 8 s
FR    ኦቨርሎድ፣ 17,4 A
```

ኮዱ በስተግራ እንደተጻፈ፣ ቃሉ በስተቀኝ ይተረጎማል። ኮድ የሌለው ጽሑፍ ካለ፣ ማሳሰቢያ ለምሳሌ፣ ፎቶው ላይ መስመር በማይነካ ባዶ ቦታ ትንሽ ቁጥር ይደረግለትና በመፍቻው ላይ በዚያ ቁጥር ይጻፋል። እዚህ KM3 ስታር ስለሆነ ሌላ ማሽን ላይም ስታር ነው ማለት አይደለም፤ KM2ን ለስታር የሰጡ ፋብሪካዎች አሉ።

ከዚህ መፍቻ አንዱ መስመር ተርጓሚውን ሊፈትነው ይችላል። ሞተሩ ላይ ባለው የብረት ሰሌዳ 30 አምፔር ተጽፏል፤ ኦቨርሎዱ ላይ ግን 17,4 ይላል። ስህተት ይመስላል፤ አይደለም። በዚህ ዲያግራም FR የተሳለው ከዋናው ኮንታክተር በኋላ፣ ወደ ሞተሩ ጥቅል በሚሄደው መስመር ላይ ነው። በዴልታ ጊዜ በዚያ መስመር የሚያልፈው የጠቅላላው ኮረንት 0,58 እጅ ብቻ ነው፤ 30 በ0,58 ሲባዛ 17,4 ይሆናል። «ላርመው» ብሎ 30 የጻፈ ተርጓሚ ኦቨርሎዱን ከጥቅም ውጭ አደረገው ማለት ነው፤ ሞተሩ እየተቃጠለ እንኳ አይቆርጥም። ተርጓሚ ቁጥር አያርምም። ከተጠራጠረ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አድርጎ ባለሙያ ይጠይቃል።

ስህተቱ እንዴት ይታወቃል?

ትርጉሙ ካለቀ በኋላ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው እንኳ ሊያደርገው የሚችል ፍተሻ አለ። የመጀመሪያው ቆጠራ ነው። ከዋናው ወረቀት ላይ ኮዶቹ ሁሉ ይዘረዘራሉ፤ ከተተረጎመው ላይም እንዲሁ። ሁለቱ ዝርዝር ልክ መሆን አለባቸው። በፎቶ ላይ 8 ከB፣ 5 ከS፣ 0 ከO፣ 1 ከI ጋር ይምታታሉ፤ «AI» የሚል ተርሚናል ከተገኘ A1 መሆኑ ግልጽ ነው።

ሁለተኛው ፍተሻ ጥንድ መፈለግ ነው። ኮይል ያለው ኮንታክተርና ታይመር ሁሉ ቢያንስ አንድ ቦታ ኮንታክት ይኖረዋል። ኮንታክት ተስሎ ኮይሉ የትም ከሌለ፣ ኮዱ በስህተት ተነቧል ወይም አንድ ገጽ ጎድሏል።

ሦስተኛው የተርሚናል ቁጥር ነው። በረዳት ኮንታክቶች ላይ መጨረሻው 1 እና 2 የሆነ ጥንድ፣ 21 እና 22 ለምሳሌ፣ NC ነው፤ መጨረሻው 3 እና 4 የሆነ፣ 13 እና 14 ለምሳሌ፣ NO ነው። ቁጥሩ አንድ ነገር፣ ሥዕሉ ሌላ ነገር ካሳየ ከሁለቱ አንዱ በስህተት ተነቧል።

እነዚህ ፍተሻዎች ምን እንደሚያተርፉ በወፍጯችን እንየው። የዴልታው ኮንታክተር KM2 ኮይል በሚገኝበት መስመር ላይ የKM3 የNC ኮንታክት በተከታታይ ገብቷል። ሥራው ጥበቃ ነው፤ ስታሩ እስካልወጣ ድረስ ዴልታው እንዳይገባ ይከለክላል። በደበዘዘ ፎቶ ላይ ያ «KM3» «KM2» ተብሎ ተነበበ እንበል። በተተረጎመው ወረቀት መሠረት ሽቦውን እንደገና የሚዘረጋ ኤሌክትሪሺያን የKM2ን ኮይል በራሱ በKM2 የNC ኮንታክት በኩል ያስረዋል። ሞተሩ በስታር ደህና ይነሳል። 8 ሰከንድ ሲሞላ KM2 ይገባል፤ ሲገባ የራሱን ኮንታክት ይቆርጣል፤ ኮይሉ ኃይል ያጣል፤ ይወጣል፤ ሲወጣ ኮንታክቱ ተመልሶ ይገናኛል። ኮንታክተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ይንጫጫል፣ ጫፎቹም ይቃጠላሉ። ስታሩ ተጣብቆ አልወጣም ብሎ በነበረ ቀን ደግሞ የሚከለክል ጥበቃ የለም፤ ውጤቱ ያው ሾርት ነው።

ይህ ስህተት በቆጠራው ይጋለጣል። በዋናው ወረቀት ላይ KM3 ሦስት ቦታ፣ በትርጉሙ ላይ ሁለት ቦታ ብቻ ከተገኘ፣ አንዱ ወዴት ሄደ ብሎ መፈለግ ነው። ዕቃ ሳይቃጠል፣ በወረቀትና በእርሳስ ያልቃል።

የመጨረሻው ማረጋገጫ ግን ሣጥኑ ነው። መብራቱ ተቆርጦ፣ መቆረጡም በመልቲሜትር ከተረጋገጠ በኋላ፣ ወረቀቱ ላይ ተገናኝተዋል የተባሉ ሁለት ተርሚናሎች እውነት መገናኘታቸው ይለካል። ሣጥኑ ባለፉት ዓመታት በሌላ ሰው ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ወረቀቱና ሣጥኑ ካልተስማሙ ትርጉሙ ብቻውን ጥፋተኛ ነው ማለት አይቻልም። ለዚህ ነው ከተተረጎመው ወረቀት ግርጌ ተርጓሚው፣ ቀኑ፣ ከየትኛው ዋና ወረቀት እንደተተረጎመ ሊጻፍ የሚገባው። ዋናውም አይጣልም፤ ከትርጉሙ ኋላ አብሮ ይቀመጣል፤ ሁለቱ ከተጣሉ የሚታመነው ዋናው ነው።

ማሽን የገዛችሁ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ ይህን ሥራ የብልሽት ቀን አትጠብቁበት። ሻጩን ከማሽኑ ጋር የዲያግራሙን ፋይል ጠይቁ። ከሌለም ማሽኑ በተተከለበት ቀን፣ ወረቀቱ ዱቄትና ቅባት ሳይጠጣ፣ ጥሩ ፎቶ አንሱለት። የሚተረጉምላችሁንም ሰው ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ንገሩት፦ ኮድ፣ ቁጥርና ልኬት የሆነውን ነገር ሁሉ እንዳለ ይተወው።